ሁሉንም አምስት በልልኝ

ሴትዮዋ ቡና እየቆሉ ነበር። እኔ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ታብሌቴን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። ስድስት ነገሮች አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ፤ የመጠጥ ውሃ፣ መንገድ፣ ጤና ኬላ፣ መስኖ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት። እሳቸው ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣሉ። አምስት ማለት «እጅግ በጣም ያስፈልገናል» ነው። ለውሃ አምስት አሉ። ለመንገድም አምስት። ጤና ኬላው ላይ ስንደርስ ምጣዱን ከእሳቱ አነሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሁሉንም አምስት በልልኝ። ምን አደከመህ?»

«እናቴ፣ ከስድስቱ አንዱ ግን ይበልጥብዎታል አይደል?»

«ይበልጣል እንጂ። የቀነስኩትን ብትሰርዙብኝስ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነበር። ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ «ይሄን ያህል ያስፈልግሃል ወይ?» ሲልህ፣ «ብዙም» ብሎ መመለስ ምን ይጠቅማል? አምስት ማለት ምንም አያስከፍልም። ሁለት ማለት ግን ሊያስከፍል ይችላል። ሴትዮዋ መጠይቁን ከእኔ በተሻለ ገብቷቸው ነበር።

ቀበሌው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ተራራው ታጥፎ። ስሙን አልጠራም። ሁለት ጎጥ ላይ ነበር የሠራነው። ታችኛው ጎጥ አስፋልቱ አጠገብ ነው፤ ቆላማ፣ ሞቃት፣ ውሃ የሌለው። ላይኛው ጎጥ ተራራው ላይ ነው፤ ምንጭ አለው፣ ነገር ግን ከአስፋልቱ የሚለየው ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ ሰው አያሳልፍም። ሥራችን ቀላል ይመስል ነበር። በጀቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሕዝቡ የሚያስቀድመውን ጠይቃችሁ ኑ ተባልን።

ከየጎጡ 30 ቤተሰብ፣ በድምሩ 60 ጠየቅን። ማታ ኮምቦልቻ ገብቼ አማካዩን ሳወጣ የመጠጥ ውሃ 4.8፣ ጤና ኬላ 4.8፣ መንገድ 4.7፣ መብራት 4.7፣ መስኖ 4.6፣ ትምህርት ቤት 4.6 ሆነ። ይኼው ነው። የሁለት ቀን መንገድ፣ የአበል ብር፣ የ60 ሰው ጊዜ፤ ያገኘነው መልስ «ሁሉም» የሚል ነው። ከ60ው 38ቱ ለስድስቱም ነገር አምስት ነው የሰጡት። ነጥብ ማሰጠት እንዳልሠራ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አማካዩን መሆን የለበትም። ስንት ሰው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር እንደሰጠ ይቁጠር። ግማሹ እንዲያ ካደረገ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የነጥብ ልዩነት የቀሪዎቹ ጥቂት ሰዎች ወሬ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ታችኛው ጎጥ የሰጠው ነጥብ ለሁሉም ነገር ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ «እነዚህ አስፋልት አጠገብ ስለሆኑ ይሻላቸዋል» ብዬ ልጽፍ ነበር። በኋላ ግን የጠያቂውን ስም ሳይ ታችኛውን ጎጥ በብዛት የሠራው ባልደረባዬ ነው። በመጠይቁ ላይ አራት ማለት «በጣም ያስፈልገናል»፣ አምስት ደግሞ «እጅግ በጣም ያስፈልገናል» ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይመልስም። «ኧረ በጣም!» ይላል፣ እጁን እያወራጨ። እኔ እጁን አይቼ አምስት እሞላለሁ። ባልደረባዬ ቃሉን ሰምቶ አራት ይሞላል። ሁለታችንም ትክክል ነን። ስለ ቆላና ደጋ ልዩነት ልተነትን የነበረው የባልደረባዬን ጣት ነው።

ይሄ የእኛ ቋንቋ ጣጣ ይመስለኛል። «በጣም» በሰው አፍ ውስጥ ጣሪያ ነው፤ «እጅግ በጣም» የሚለው ደግሞ ከደብዳቤና ከንግግር ውጭ ብዙ አይሰማም። እንዲህ ዓይነቱን የነጥብ መሰላል ያስፋፋው አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት ነው፣ በአውሮፓውያን 1932። እሱ ግን የሰዎችን አመለካከት ሊለካ ነበር፤ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች አቅርቦ የመልሶቹን ድምር ይወስዳል። እኛ ግን አንዷን ጥያቄ ብቻዋን አቁመን፣ ያውም በጀት ከኋላዋ አስከትለን፣ ለውሃና ለመንገድ እንድትፈርድ ጠየቅናት።

በነጋታው ዘዴ ቀየርኩ። ነጥብ መስጠት ይቅር፣ ደረጃ እናውጣ አልኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሁሉም አንደኛ መሆን ስለማይችል ሰው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስድስት ካርቶን ቆርጬ ሥዕል ሣልኩ። ቦኖ፣ ድልድይ፣ መርፌ፣ ቦይ፣ አምፖል፣ ደብተር። ሥዕሌ አያምርም። ቦዩን አንድ አባት እባብ ነው ብለው ስቀውብኛል። ቢሆንም ካርቶን ጥሩ ነው፤ ሰው በጆሮው ብቻ ስድስት ነገር ይዞ ደረጃ ሊያወጣ አይችልም። ዝርዝር ሲነበብለት መጨረሻ የሰማው ነው ጆሮው ላይ የሚቀረው። ካርቶን ግን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይገላበጣል። (በታብሌት ማንበብ ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ለየሰው ይቀያየር። ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መሥሪያ ፎርም የምትሠሩ፣ ዝርዝሩ የአንድ ጥያቄ አማራጮች ሆኖ ከገባ `parameters` በሚለው ዓምድ ላይ `randomize=true` ብሎ መጻፍ ይበቃል። እኔ ነጥብ ባሰጠሁበት ቀን ቅደም ተከተሉን አልቀያየርኩም። ትምህርት ቤት ለሁሉም ሰው መጨረሻ ነበር የተነበበው።)

በየጎጡ ሰው ሰበሰብን። ላይኛው ጎጥ ዛፍ ሥር፣ ታችኛው ጎጥ አንድ ቤት ግቢ ውስጥ። ላይኛው ጎጥ ብዙም አልተከራከረም። መንገድ አንደኛ፣ ጤና ኬላ ሁለተኛ፣ መስኖ ሦስተኛ፣ ውሃ አራተኛ፣ መብራት አምስተኛ፣ ትምህርት ቤት ስድስተኛ። ታችኛው ጎጥ ውሃ አንደኛ፣ ጤና ኬላ ሁለተኛ፣ መብራት ሦስተኛ፣ መስኖ አራተኛ፣ መንገድ አምስተኛ፣ ትምህርት ቤት ስድስተኛ አለ።

እንግዲህ ደረጃ ተገኘ። ቀጥሎ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፤ የሁለቱን ጎጥ ደረጃ ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ። ጤና ኬላ በሁለቱም ሁለተኛ ስለሆነ አማካዩ 2 ነው። ውሃ አራተኛና አንደኛ፣ አማካዩ 2.5። መንገድ አንደኛና አምስተኛ፣ አማካዩ 3። መስኖ 3.5፣ መብራት 4፣ ትምህርት ቤት 6። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። አሸናፊው ጤና ኬላ ነው።

እስቲ ቆም በሉና እዩት። ጤና ኬላን አንደኛ ያደረገ አንድም ጎጥ የለም። ላይኛው መንገድ ነው ያለው፣ ታችኛው ውሃ። ሁለቱም ሁለተኛ ያደረጉት ነገር ለሁለቱም አንደኛ ሆኖ ወጣ። አንዳንዴ ይሄ ክፋት የለውም፤ ሁሉም የሚስማማበት መሀለኛ ነገር ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግን መሀለኛ መሆኑን ለማወቅ አንደኛውና ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ አለብን። ደረጃ ደግሞ ይህን ፈጽሞ አይናገርም። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል አንድ ፀጉር ይኑር ወይም ገደል ይኑር፣ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ያው «1» እና «2» ነው።

ርቀቱን ያየሁት በባቄላ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። የገጠር ዳሰሳ የሚሠሩ ሰዎች በጠጠርና በእህል ፍሬ ሲያስከምሩ ኖረዋል። እንዲያውም አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ የሚባለው ነገር አገራችን ውስጥ ቀደም ብሎ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ወሎ ነው፤ በአውሮፓውያን 1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በገበሬ ማኅበራት ደረጃ ሞክሮታል። እኔ ያደረግሁት ለየጎጡ 20 ባቄላ መስጠት ብቻ ነው። «ይሄ ያላችሁ ገንዘብ ነው እንበል። እንዳስፈለጋችሁ መጠን ካርቶኖቹ ላይ አከፋፍሉት።» ጥሬ ባቄላ ይሁን ታዲያ። ሌላ ቦታ የተቆላ ይዤ ሄጄ፣ ክርክሩ ሲረዝም መረጃዬን በልተውታል።

ታችኛው ጎጥ ሴቶቹ ናቸው የጀመሩት። አንዲት ወጣት እናት፣ ልጅ ያዘለች፣ ባቄላውን በአንድ እጇ ጨብጣ ቦኖው ላይ አፈሰሰችው። ሃያውንም። ሳቅ ሆነ። አንድ ሸህ «አይ፣ ለሁሉም ይድረሰው እንጂ» አሉ። እሷ ቀስ ብላ አንድ አንድ እያነሳች ሌሎቹ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። መርፌው ላይ ሦስት ስታስቀምጥ ማንም አልተቃወመም። አምፖሉ ላይ ሁለት። ለሌሎቹ አንድ አንድ። ከቦኖው ላይ ዘጠነኛውን ልታነሳ ስትል ግን አጠገቧ ያሉት ሴትዮ እጇን ያዙ። «ይብቃ። ከዚህ በታች አልወርድም» አሉ። ውሃ 12 ላይ ቆመ።

ለምን 12 እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እነሱ ነገሩኝ። የእጅ ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቷል። ከወንዝ ነው የሚቀዳው፣ ከብቱም እዚያው ነው የሚጠጣው። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ነው፣ ወረፋ ሳይቆጠር።

ላይኛው ጎጥ ደግሞ መንገድ 11፣ ጤና ኬላ 3፣ መስኖ 2፣ ውሃ 2፣ መብራት 1፣ ትምህርት ቤት 1 አስቀመጠ። ከመንገዱ ጀርባ ያለው ምክንያት ገረመኝ። አንድ አባት ድልድዩን የሣልኩበትን ካርቶን አንስተው «ይሄ እኮ ነው ጤና ኬላው» አሉ። ክረምት ላይ ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር ደርሰው ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ይላሉ። ኬላው ቢከፈትም ከባድ ነገር ሲመጣ ወደ ከተማ ነው የሚላከው። እና እኔ «መንገድ» እና «ጤና» ብዬ ለሁለት የከፈልኩት ነገር ለእሳቸው አንድ ነው። ዝርዝሬን ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው ያወጣሁት፤ ክፍፍሉ የሴክተር መሥሪያ ቤቶች ክፍፍል ነው። በተቃራኒው «ውሃ» ያልኩትን «የሰው ውሃ» እና «የከብት ውሃ» ብዬ ከፍዬው ቢሆን ኖሮ የታችኛው ጎጥ 12 ባቄላ ለሁለት ተበትኖ፣ መንገድም ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ይወርድ ነበር። ከሕዝቡ ፍላጎት ምንም ሳይቀየር ማለት ነው። ደረጃ ሁልጊዜ የዝርዝሩ እስረኛ ነው። አንድ ነገር ጨምሩ፣ ሌላው ሁሉ ይንሸራተታል።

አሁን ባቄላውን ደምሩና ለሁለት አካፍሉ። ውሃ 2 እና 12፣ አማካዩ 7። መንገድ 11 እና 1፣ አማካዩ 6። ጤና ኬላ 3 እና 3፣ አማካዩ 3። ሦስት! በደረጃ አንደኛ የወጣው ነገር በባቄላ ሲሆን የውሃን ግማሽ እንኳ አላገኘም። በሁለቱም ጎጥ ሁለተኛ የነበረው ከአንደኛው ገደል ርቆ ነው። ያው ሰዎች፣ ያው ቀን፣ ያው ካርቶን። የተቀየረው የአጠያየቁ መንገድ ብቻ ነው፤ ጤና ኬላ ሊሠራ የነበረው ቦኖ ወይም ድልድይ ሆነ።

ባቄላ ፈውስ ነው እያልኩ አይደለም። የሸሁን «ለሁሉም ይድረሰው» አትርሱት። ምንም ያልተቀመጠበት ካርቶን የለም፤ ይሄ ይሉኝታ ነው። ትምህርት ቤት ላይ ያለችው አንዷ ባቄላ ፍላጎት ትሁን ጨዋነት አላውቅም። ሰዎቹ በሙሉ አንድ ነገር ላይ መጫን እንደሚያዋጣ ከገባቸው ደግሞ ይጭናሉ። እዚህ ግን ሴቶቹ ሃያውን ጭነው መልሰው ስምንት አነሱ። የሚነሳውንና «ይብቃ» የሚባልበትን ቦታ ማየት ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ ብዙ ነግሮኛል። ስለዚህ ባቄላ የሚያስከምር ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። ፎቶ ብቻ አንስቶ መሄድ አይበቃም። በተጨማሪ የላይኛው ጎጥ አንድ ባቄላ ከታችኛው ጎጥ አንድ ባቄላ ጋር እኩል ይመዝናል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ስደምራቸው እየገመትኩ ነው።

ሁለት ሁለት እያደረጉ ማወዳደርም አለ። «ውሃና መንገድ ቢቀርብላችሁ የቱን?» እያሉ መቀጠል ነው። ምክንያቱ አንድ በአንድ ስለሚወጣ እወደዋለሁ። ግን ለስድስት ነገር 15 ጥያቄ ነው፣ ለአሥር ነገር 45። ሃያኛው ላይ ሰው ፀሐይዋን ማየት ይጀምራል።

ነጥብ መስጠትን ጨርሶ መጣልም ስህተት ነው። ትምህርት ቤቱ ያስተማረኝ ይህን ነው። በሁለቱም ጎጥ መጨረሻ ወጣ፤ የእኔ የአነባበብ ቅደም ተከተልም እዚህ ላይ ሰበብ አይሆንም፣ ካርቶን ላይ ነውና። ረቂቁ ሪፖርት ከእጄ ወጥቶ ሲመለስ አንድ ሰው ሕዳጉ ላይ «ኅብረተሰቡ ለትምህርት ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ቢታሰብ» ብሎ ጽፎበታል። ወይ ጉድ! ትምህርት ቤት እኮ አላቸው። መምህር አለው፣ ልጆቹ ይማሩበታል። ስድስተኛ ያደረጉት ስላለ ነው። ደረጃ «ቀጥሎ ምን ይሠራ» ለሚለው ነው የሚመልሰው፤ «ምን ያህል ትወዱታላችሁ» ለሚለው አይደለም። እዚህ ጋ ነጥብ ያስፈልገኝ ነበር፣ ግን ሌላ ዓይነት ነጥብ። «ትምህርት ቤት ምን ያህል ያስፈልጋችኋል?» ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት ልጃችሁ ስንት ቀን ተማረ?» የሚል። ለውሃም «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ውሃ አጣችሁ?» ይባላል። ይህን ሰው በይሉኝታ አምስት አይልም፤ ቆጥሮ ይመልሳል። «በጣም» የሚባል ነገርም የለበትም፣ ባልደረባዬና እኔም አንጣላም። ከሌላ ቀበሌ ጋር ለማወዳደርም የሚሆነው ይሄው ነው። ደላንታ ውስጥ ውሃ አንደኛ ቢወጣና እዚህም አንደኛ ቢወጣ፣ የቱ እንደሚብስ ደረጃው አይነግረኝም። በሳምንት የጠፋባቸው ቀን ብዛት ግን ይነግረኛል።

ስለዚህ አሁን ስሄድ ቅደም ተከተሌ ተቀይሯል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከእነሱ ጋር እናወጣለን፣ ካርቶኑንም እዚያው እንሥላለን። ቀጥሎ በየቤቱ ስለ እያንዳንዱ ነገር የሚቆጠር ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከዚያ ባቄላ፣ በየጎጡ፣ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ። ደረጃውን ከባቄላው ራሴ አወጣዋለሁ፤ ባቄላን ወደ ደረጃ መቀየር ይቻላል፣ ደረጃን ወደ ባቄላ መመለስ ግን አይቻልም። ሁለቱ ጎጦች ሲራራቁ ደግሞ አልደምራቸውም።

ይህን የመጨረሻውን ቃሉ ወረዳ ላይ አደረግሁት። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ አማካይ የሚለውን ዓምድ ሰርዤ «ላይኛው ጎጥ» እና «ታችኛው ጎጥ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስገባሁ። በጀቱን የያዘው ሰው ሠንጠረዡን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያየው ቆየ።

«እሺ፣ አንደኛው የቱ ነው?» አለኝ።

«የየትኛው ጎጥ?» አልኩት።

«የቀበሌው ነዋ!»

ከከረጢቴ ካርቶኖቹን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ባቄላውም ነበረኝ። ሃያውን ቆጥሬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ቦዩ ያለበትን ካርቶን አንስቶ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ እባብ?» አለ።